የመጀመሪያዋ ፑል አፕ፦ በሦስት አሮጌ የብስክሌት ጎማና በአንድ ጀሪካን ውሃ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ጠዋት ጠዋት ብረት ላይ ስንጠለጠል የሚያየን ሰው ጥያቄው አንድ ነው። «ፑሽ አፕ ሠላሳ እሠራለሁ፤ ፑል አፕ ግን አንዷም እምቢ አለችኝ። ምን ይሻለኛል?» ለእያንዳንዱ ቆሜ ሳስረዳ ይረፍድብኛል። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት። ድሬ ስለሆንን «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ። አንቺም ብትሆኚ መንገዱ ያው ነው፤ የሚለያየው የጎማው ብዛት ብቻ ነው።

ስለ የትኛዋ ፑል አፕ እንደማወራ አስቀድሜ ልንገርህ። ክንድህ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ትንጠለጠላለህ። የእጅህ ጀርባ ወደ አንተ ያያል። ሳትወዛወዝና እግርህን ሳትወረውር፣ አገጭህ ከብረቱ በላይ እስኪሆን ትወጣለህ። ከዚያ ተቆጣጥረህ ትወርዳለህ። ከግማሽ የተጀመረችው አትቆጠርም። በዝላይ የወጣችውም እንደዚያው።

እዚያ ለመድረስ የምንጠቀመው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ከላይ ጀምሮ ቀስ ብሎ መውረድ ነው፤ ጂም ውስጥ ኔጌቲቭ ይሉታል። ሁለተኛው ሮው ነው፤ እግር መሬት ላይ ሆኖ ደረትን ወደ ዱላ መሳብ። ሦስተኛው በላስቲክ ታግዞ መውጣት ነው። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ይዞ ወር ሙሉ ይለፋል። ላስቲክ የሚያግዝህ ታች ስትሆን ነው፤ ላይ ስትደርስ ይላላና ይተውሃል። ኔጌቲቭ ደግሞ የሚጀምረው ላይ ነው፤ ላስቲኩ የተወህን ቦታ የሚያጠነክረው እሱ ነው። ሮው ሁለቱ የሚጎድላቸውን የሥራ ብዛት ይሞላል።

የሚያስፈልግህ ዕቃ

- የሚያስተማምን አግዳሚ ብረት። የአንድ ኢንች የውሃ ቱቦ ለእጅ ልክ ነው። ከሱ የቀጠነ ይጎብጣል፣ መዳፍም ይቆርጣል።
- አራት ወይም አምስት ሜትር ጠንካራ ገመድና አንድ ወፍራም ዱላ፣ ለሮው።
- ሦስት አሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ባለ 26። ብስክሌት ጠጋኝ ጋ የተጣለ አይጠፋም። ሦስቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።
- ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የአንድ ሊትር ሃይላንድ።
- የማይወላውል ወንበር ወይም ሳጥን።
- ሁለት ሜትር ሲባጎ፣ የላብ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ።

የስፖርት ዕቃ መሸጫ ላስቲክ ካገኘህ ግዛ፣ አልቃወምም። ግን ከጎማው የተሻለ አይሠራም። ሦስት አንድ ዓይነት ጎማ ያለው ሰው ደግሞ አንድ በአንድ መቀነስ ይችላል፤ የዚህ መመሪያ ዋናው ነገርም እሱ ነው።

1. ብረቱንና ሰዓቱን አስተካክል

ከመንጠልጠልህ በፊት ብረቱን በሁለት እጅ ይዘህ እግርህን መሬት ላይ አድርገህ ወደ ታች ጎትተው። ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ ወይም የብየዳው ጫፍ ላይ ስንጥቅ ካየህ ተወው። ኔጌቲቭ ስትሠራ ክብደትህ በሙሉ ላዩ ላይ ያርፋል፤ ስትደክም ደግሞ ድንገት ትወርዳለህ። ከሥርህ ያለው ሲሚንቶ ከሆነ አሮጌ ምንጣፍ አንጥፍበት።

ሰዓቱ ቀልድ አይደለም። እዚህ ፀሐይ የነካው ብረት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ መዳፍ ይጠብሳል። ላብ ያንሸራትታል፤ ስትንሸራተት ቀድሞ የሚደክመው ጣት እንጂ ጀርባ ስላልሆነ ጀርባህ ሳይሠራ ቀኑ ያልቃል። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ጠዋት፣ አለዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ ጥሩ ነው። በየዙሩ መካከል መዳፍህንም ብረቱንም ጥረግ።

2. የት እንዳለህ እወቅ

መጀመሪያ ቀን ሥልጠና የለም፤ ሁለት ነገር ብቻ ለካ። ተንጠልጥለህ ስንት ሰከንድ እንደምትቆይ አንድ። ወንበር ላይ ቆመህ አገጭህን ከብረቱ በላይ አድርገህ ወንበሩን ስትለቅ፣ ክንድህ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅብህ ሁለት። ጻፈው።

መንጠልጠሉ ከ20 ሰከንድ በታች ከሆነ ኔጌቲቭን ለሁለት ሳምንት አቆየው፤ ደረጃ 3ን እና 4ን ብቻ ሥራ። እጅህ ከለቀቀ ጀርባህ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ማወቅም ማሠልጠንም አትችልም።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሰው ልጨምርልህ። ጎረቤታችን ባጃጅ ሹፌር ነው፤ ክብደቱ 74 ኪሎ። የመጀመሪያ ቀን 22 ሰከንድ ተንጠለጠለ። ኔጌቲቩ ግን 2 ሰከንድ ነበር፤ ክርኑ ግማሽ ሲታጠፍ ዱብ አለ። «አቦ ወንበሩን ማን ገፋው?» አለ። ወንበሩን የነካው አልነበረም። ቁጥሩን በየደረጃው እነግርሃለሁ።

3. ተንጠልጥለህ ትከሻህን ማውረድ ተማር

ስትንጠለጠል ትከሻህ ወደ ጆሮህ ይጠጋል። ክንድህን ሳታጥፍ ትከሻህን ከጆሮህ አርቀው፤ ወደ ኪስህ እንደምትከተው አስብ። አካልህ ሦስት አራት ጣት ያህል ከፍ ይላል። አንድ ሰከንድ ያዘውና ልቀቀው። 5 ጊዜ፣ 3 ዙር።

ትንሽ ነገር ይመስላል። ፑል አፕ የሚጀምረው ግን እዚህ ነው። ይህን ዘሎ በክንዱ ብቻ የሚጎትት ሰው ሥራው በሙሉ ክርኑ ላይ ይወድቃል፤ በሦስተኛው ሳምንት የክርኑን ውስጠኛ ጎን እያሸ ይመጣል። በትክክል እየሠራህ መሆንህን የምታውቀው ከጎን ሰው ሲያይህ ነው፤ ክርንህ ከታጠፈ ተሳስተሃል።

4. ሮው

ገመዱን ብረቱ ላይ በሁለት ቦታ፣ በትከሻ ስፋት አስረህ ዱላውን በወገብህ ከፍታ አንጠልጥል። ዱላውን ያዝ፣ እግርህን ወደ ፊት አራምድ፣ ክንድህ ተዘርግቶ ወደ ኋላ ተጋደም። ከተረከዝህ እስከ ራስህ እንደ ሳንቃ ቀጥ በል። ከዚያ ዱላውን ወደ ታችኛው ደረትህ ሳብ፤ ክርንህ ከጎድንህ ብዙ አይራቅ። ላይ አንድ ሰከንድ ቆይ፣ በሁለት ሰከንድ ውረድ።

8 ጊዜ፣ 3 ዙር። ሦስቱንም ዙር 10 ጊዜ በንጽሕና ስትጨርስ እግርህን በአንድ ጫማ ርዝመት ወደ ፊት ውሰድ። በተጋደምክ ቁጥር የምትሸከመው ይጨምራል። አካልህ ከመሬት ጋር ትይዩ ሊሆን ሲቃረብ ጥሩ ቦታ ደርሰሃል።

ሮው ለምን? ኔጌቲቭ በአንድ ቀን አራት አምስት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በላይ ጉዳት ነው። ጡንቻ ለማሳደግ ግን ብዙ ጊዜ መሳብ ያስፈልጋል። እግር መሬት ላይ ስላለ 24 ወይም 30 ጊዜ ስበህም በነጋታው ባጃጅ መንዳት ትችላለህ። ወገብህ ወደ መሬት ሲንጠለጠል ወይም መቀመጫህን ወደ ላይ እየወረወርክ ስትስብ ዙሩ አልቋል።

5. ኔጌቲቭ

ጡንቻ ማንሳት የማይችለውን ክብደት ተቆጣጥሮ ማውረድ ይችላል። አንድም ፑል አፕ የሌለው ሰው ሙሉ ክብደቱን ይዞ መሥራት የሚችለው በዚህ በኩል ነው።

ወንበሩን ከብረቱ ሥር ሳይሆን ትንሽ ወደ ኋላ አድርግ፤ ስትወርድ እግርህ እንዳይመታው። ብረቱን ከትከሻህ ጥቂት ሰፋ አድርገህ ያዝ፣ አውራ ጣትህን ጠቅልልበት። በእግርህ ተነስተህ አገጭህን ከብረቱ በላይ አድርግ። ትከሻህን ወደ ታች ያዝ። አሁን እግርህን ከወንበሩ አንሳ። ላይ አንድ ሰከንድ ቆይተህ ውረድ። መሳብህን አታቁም፤ እየሳብክ ነው የምትወርደው። ክንድህ ተዘርግቶ ሲያልቅ ብረቱን ልቀቅ። ወደ ላይ ለመመለስ አትታገል። ወንበሩን ተጠቀም።

አንድ ወርደህ አንድ ደቂቃ ተኩል ዕረፍ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 3 ይበቃል፤ ከሁለተኛው ሳምንት 4፣ ከአራተኛው 5። እዚያ ላይ አቁም። ቁጥሩን ከመጨመር ሰከንዱን ጨምር። በስልክ ቁጠር፣ ወይም ሰው ይቁጠርልህ። ራስህ ስትቆጥር ክንድህ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቁጥሩም አብሮ ይሮጣል።

የምትወድቅበት ቦታ ደግሞ ድክመትህን ይነግርሃል። ስልኩን ከጎን አቁመህ ቅረጽ። ገና ከላይ፣ አገጭህ ከብረቱ ሲወርድ የምትወድቅ ከሆነ፣ ላይ መቆየት ነው የሚጎድልህ፤ በየኔጌቲቩ መጀመሪያ ላይ 3 ሰከንድ ቆይ። ክርንህ ግማሽ ሲታጠፍ የምትወድቅ ከሆነ፣ በዚያ ቦታ ለ2 ሰከንድ ቆመህ ቀጥል። መጨረሻ ላይ፣ ክንድህ ሊዘረጋ ሲል ዱብ የምትል ከሆነ፣ ደረጃ 3ን ችላ ብለሃል ማለት ነው፤ ተመለስበት።

ባጃጅ ነጂው የሚወድቀው ግማሽ ላይ ነበር። እዚያ እንዲቆም አደረግነው። መጀመሪያ መቆም አልቻለም፤ ግን ለመቆም ሲሞክር አወራረዱ ዘገየ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 4 ሰከንድ፣ በአራተኛው 7 ሰከንድ ደረሰ።

6. ጎማውን በውሃ ለካ

ላስቲክ የሚሸጡ ሰዎች «ይህ ቀላል፣ ይህ ከባድ» ይላሉ። ስንት ኪሎ እንደሚያግዝህ ግን ያንተ ቁመት ነው የሚወስነው፤ ላስቲክ በተሳበ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራልና። ጀሪካን ካለህ ግምት አያስፈልግህም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው።

መጀመሪያ ጎማውን በፀሐይ ብርሃን እየሳብክ እየው። ስንጥቅ፣ የደረቀ ቦታ ወይም የተለጠፈ ቀዳዳ ካለው ጣለው። አፉ ብረት ስለሆነ በጨርቅ ጠቅልለህ እሰረው፤ አለዚያ ጉልበትህን ይቧጭረዋል። ከዚያ ጎማውን በብረቱ ላይ አሳልፈህ አንዱን ጫፍ በሌላው ውስጥ አውጣና አጥብቅ። የሚንጠለጠል ቀለበት ይሆንልሃል።

አሁን ሲባጎውን ብረቱ ላይ እሰር። ጉልበትህን አጥፈህ ስትንጠለጠል፣ ጉልበትህ ያለበት ቦታ ላይ ሰው አንድ ቋጠሮ ይሥራ። ወንበር ላይ ሆነህ አገጭህ ከብረቱ በላይ ሲሆን ጉልበትህ ያለበት ቦታ ላይ ሌላ ቋጠሮ። ታችኛው ቋጠሮ የፑል አፑ መጀመሪያ ነው፤ ላይኛው መጨረሻው።

ባዶውን ጀሪካን በእጀታው ጎማው ላይ አንጠልጥል። በሃይላንዱ እየለካህ ውሃ ጨምር። የጎማው ታችኛ ጫፍ ላይኛው ቋጠሮ ጋ ሲደርስ ስንት ሊትር እንደሆነ ጻፍ። ቀጥል። ታችኛው ቋጠሮ ጋ ሲደርስ ደግመህ ጻፍ። ለጀሪካኑ ክብደት አንድ ኪሎ ገደማ ደምርበት። በዚህ ከተማ ውሃ እንደማይደፋ የታወቀ ነው፤ ከጨረስክ በኋላ ታጠብበት።

የባጃጅ ነጂው ልኬት እንዲህ ወጣ። አንድ ጎማ ታች ላይ 11 ኪሎ፣ ላይ 4 ኪሎ። ሦስቱን አንድ ላይ ስንሰቅል ታች 33፣ ላይ 12 ማለት ነው። 74 ኪሎ ሰው ታች ላይ 41 ኪሎ ብቻ ይስባል፤ አገጩ ብረቱ ጋ ሲደርስ ግን 62 ኪሎ። ልዩነቱን አየኸው? በላስቲክ ብቻ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ የሚቀርበት ለምን የመጨረሻዋ አንድ ስንዝር እንደሆነች ይኸው ነው።

ያንተ ቁጥር ከዚህ ይለያል። የጎማው ውፍረት ይለያያል፣ ቁመትህም። ራስህ ለካ።

7. በጎማ ታግዘህ ሥራ

ጉልበትህን ጎማው ውስጥ አስገባ፤ ሥሩ ታጥፎ የተደረበ ጨርቅ ይኑር። በእግር መርገጥም ይቻላል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ጉልበት እመርጣለሁ። ከእግር ያመለጠ ጎማ ወደ ላይ ተወንጭፎ ፊት ወይም ብልት ላይ ነው የሚያርፈው። ስትጨርስ ወንበሩ ላይ ቆመህ በእጅህ ይዘህ አውጣው እንጂ አየር ላይ አትልቀቀው።

በስንት ጎማ ልጀምር? 5 ንጹሕ ፑል አፕ በሚያሠራህ ቁጥር። ሦስተኛዋ ላይ ከተንጠራራህ አንድ ጎማ ጨምር። ስምንት በቀላሉ ከሠራህ አንድ ቀንስ።

እያንዳንዷ እንዲህ ትሁን። ተንጠልጥለህ እንቅስቃሴው እስኪቆም ጠብቅ። ትከሻህን አውርድ። ክርንህን ወደ ጎድንህ እየነዳህ ውጣ። አገጭህ ሲያልፍ ግማሽ ሰከንድ ቆይ። በሦስት ሰከንድ ውረድ። ታች ስትደርስ እንደገና ቁም። ጎማው ላይ ዱብ ብሎ በመልሶ መንጠሩ መውጣት ከባድ ስህተት ነው፤ የመነሻውን ሥራ ጎማው ሠራልህ ማለት ነው፤ ጎማ በሌለበት ቀን ከታች መነሳት ያቅትሃል።

5 ጊዜ፣ 4 ዙር፣ በመካከል 2 ደቂቃ ዕረፍት። 4 ዙር በምትሠራባቸው ሁለት ተከታታይ ቀኖች አራቱንም ዙር 6፣ 6፣ 6፣ 6 ከሠራህ አንድ ጎማ ፍታ። ስትፈታ ቁጥሩ ወደ 3 ወይም 4 ይወርዳል። የታወቀ ነው፤ እንደገና ገንባው።

8. ሳምንቱን እንዲህ አዘጋጀው

ሰኞ፦ ደረጃ 3 ለማሟሟቅ፣ ከዚያ ኔጌቲቭ፣ ከዚያ ሮው 3 ዙር።

ረቡዕ፦ ደረጃ 3፣ በጎማ 4 ዙር፣ ሮው 2 ዙር።

ቅዳሜ፦ ደረጃ 3፣ ኔጌቲቭ ከሰኞው በአንድ ያነሰ፣ በጎማ 2 ዙር፣ ሮው 2 ዙር።

ኔጌቲቭ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይምጣ፤ በደከመ እጅ የሚሠራ ኔጌቲቭ መውደቅ ነው። በሳምንት ከሁለት ቀን አይብለጥ። መውረድ ጡንቻን ከመውጣት የበለጠ ይሰነጣጥቃል፤ ሕመሙ የሚበረታው በነጋታውና በሦስተኛው ቀን መካከል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፀጉርህን ለማበጠር እጅህን ስታነሳ ብትቃትት አትደንግጥ። በሁለተኛው ይቀላል።

የብዙ ሰው ዕቅድ የሚበላሸው ደግሞ ብረቱ ላይ ሳይሆን ከምሳ በኋላ ነው። በርጫ ላይ የሚውል ሰው እራቱን ይተዋል፣ እንቅልፉም ይሸሻል። ጡንቻ የሚጠገነው በነዚህ ሁለቱ ነው። ቢያንስ በሥልጠናው ቀን ፉልህንም እንቁላልህንም ብላ፣ በጊዜ ተኛ።

9. መቼ ልሞክር?

በየቀኑ አትሞክር። የከሸፈ ሙከራ አንገት ማስገግና እግር መወርወር ያስለምዳል። ሁለት ምልክት ጠብቅ። ኔጌቲቭህ የትም ሳትወድቅ 10 ሰከንድ ይደርሳል። በአንድ ጎማ 5 ንጹሕ ትሠራለህ። ሁለቱም ሲሟሉ ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍ፣ በሦስተኛው ጠዋት ተሟሙቀህ ሞክር። ሦስት ሙከራ፣ በመካከላቸው 3 ደቂቃ። ካልወጣች የት እንደቆመች ከቪዲዮው ላይ እይና ወደ ሳምንቱ ሥራ ተመለስ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግመህ ትመጣለህ።

አንዱ ምልክት ሞልቶ ሌላው ከቀረም ትርጉም አለው። ኔጌቲቩ 12 ሰከንድ ደርሶ በአንድ ጎማ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ የሚያቅትህ ከታች መነሳት ነው፤ ትከሻ ማውረዱንና የጎማውን ሥራ አብዛ። በአንድ ጎማ ስድስት እየሠራህ ኔጌቲቩ 5 ሰከንድ ከሆነ ግን ላዩ ነው የደከመው፤ ላይ ቆመህ መቆየትን ጨምር።

ማስጠንቀቂያ

ሽንትህ እንደ ኮካ ወይም እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ክንድህ አብጦ መታጠፍ ወይም መዘርጋት ካቃተው፣ ይህ ተራ የጡንቻ ሕመም አይደለም። ከልክ በላይ የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊት ይጎዳል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂድ። በሙቀት ውሃ ሳይጠጡ በአንድ ቀን ሠላሳ አርባ ኔጌቲቭ የሚሠሩ ሰዎች ላይ የሚደርሰው ይህ ነው። ሦስት ያልኩህ ስስቼ አይደለም።

የክርን ውስጠኛ ጎን ሕመም፣ የበር እጀታ ስትጠመዝዝ የሚሰማህ ከሆነ፣ ጅማቱ ነው። ኔጌቲቭን ለሁለት ሳምንት ተው፤ ሮው ሳያምህ መሥራት ከቻልክ ቀጥል። ትከሻ ላይ የሚወጋ ሕመም ወይም ወደ ጣት የሚወርድ መደንዘዝ ካለ ደግሞ ሁሉንም አቁምና ተመርመር።

ጎማውን ከተጠቀምክ በኋላ ፈትተህ ቤት አስገባ። ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ሳይታወቅህ ይሰነጠቃል። በየሳምንቱ እየሳብክ እየው።

ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት

ከሁሉ በፊት የማየው ክንድን ሳይዘረጉ መቁጠር ነው። «ስድስት ሠራሁ» ይልሃል፤ ቪዲዮው ላይ ክርኑ አንድም ጊዜ አልተዘረጋም። እንዲህ የሠለጠነ ሰው ከሙሉ መንጠልጠል ሲነሳ እንደ አዲስ ጀማሪ ነው። ቀጥሎ አገጭን አንጋጦ ብረቱን ማሳለፍ ነው፤ ደረትህ ሳይጠጋ አንገትህ ብቻ ከወጣ ፑል አፑ አልወጣም።

ሌላው ደግሞ ጥሩ ሲሄድ መጨመር ነው። ባጃጅ ነጂያችን በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ጎማ ላይ ደርሶ ነበር፤ ኔጌቲቩም 8 ሰከንድ። ደስ ብሎት ሳይነግረኝ ማክሰኞና ሐሙስም ኔጌቲቭ ጨመረበት። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ኔጌቲቩ ወደ 5 ሰከንድ ወረደ፣ መሪ ሲይዝም ክርኑ ያመው ጀመር። ሰከንዱ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከቀነሰ ደክመሃል ማለት ነው፤ ሥራ መጨመር መልሱ አይደለም። ኔጌቲቩን ሙሉ በሙሉ አስቆምነው። ሁለት ሳምንት ሮውና ሁለት ጎማ ብቻ ሠራ። በዘጠነኛው ሳምንት ሲመለስ የመጀመሪያ ኔጌቲቩ 9 ሰከንድ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ጎማ ፈታ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ኔጌቲቩ 11 ሰከንድ፣ በአንድ ጎማ 5። ሐሙስና አርብ ዐረፈ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ግንባሩ ብረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሦስት ደቂቃ ጠበቅን። ሁለተኛዋ ወጣች፤ ቀስ ብላ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ እግሩ ሳይወዛወዝ። ሦስተኛዋን አልሞከረም።

አንዷ ከወጣች በኋላ

ሁለተኛዋን በዚያው ትንፋሽ ለማውጣት አትጣጣር። ሰኞና ቅዳሜ የኔጌቲቩን ቦታ ነጠላ ፑል አፕ ይውሰደው፦ አንድ ሥራ፣ ሁለት ደቂቃ ዕረፍ፣ አንድ ሥራ። መጀመሪያ ሦስት ነጠላ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ አምስት። ያልወጣችዋን በኔጌቲቭ ተካት። አምስት ነጠላ በሁለት ተከታታይ ቀን ስትጨርስ፣ ዕረፍቱን ወደ አንድ ደቂቃ ቀንስ። አምስቱ በአንድ ደቂቃ ዕረፍት ሲወጡ፣ በሚቀጥለው ቀን የመጀመሪያው ዙር ላይ ሁለት ተከታታይ ሞክር። ረቡዕ አንዷ ጎማ እንዳለች ትቀጥል፤ ገና አትጣላት።